ሚዛን ላይ የማይወጡ እናት ስንት ኪሎ ናቸው?

ባለፈው ዓመት፣ በ2017፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ በስተግራ በኩል ካለች አንዲት ቀበሌ አንዲት እናት ለማየት ሄድኩ። እማሆይ እላቸዋለሁ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ ናቸው። ከአምስት ወር በፊት በረንዳ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው የቀኝ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ ከመደብ አልተነሱም።

ከኔ በፊት አንዲት የጤና ባለሙያ መጥታ ነበር። ልጃቸው በደስታ ነገረችኝ፦ «ክንዳቸውን ለክታ አረንጓዴ ነው ብላናለች፣ ደህና ናቸው ማለት አይደል?» አሳየችኝም። ለሕፃናት የምንጠቀምባት፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለባት የክንድ መለኪያ ናት። በዚያች መለኪያ አረንጓዴው ከ12 ሴንቲ ተኩል ጀምሮ ነው። የአዋቂ ሰው ክንድማ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ እንኳ አረንጓዴ ያሳያል። ባለሙያዋን አልወቅሳትም፣ የተሰጣት እሷው ናት። እማሆይ ግን ደህና አልነበሩም።

ይሄ ነገር አሁን አሁን እየበዛ ነው። ልጆች አዲስ አበባ ናቸው፣ ወላጅ አገር ቤት መደብ ላይ ተኝቷል፣ ጤና ጣቢያው ያለው ሚዛን ደግሞ ቆመው የሚወጡበት ብቻ። ካርዱ ላይ የክብደት ቦታው ወይ ባዶ ይቀራል ወይ አንድ ሰው በዓይኑ ገምቶ ይሞላዋል። እማሆይ ካርድ ላይ 50 ተብሎ ተጽፏል። ማን እንዳለው ልጃቸውም አታውቅም። «ድሮ ወፍራም ነበሩ» አለች፣ ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል።

እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ ይሄ 50 እውነት መሆኑን ሚዛን ሳይኖር እንዴት እንዳጣራሁ ነው። የያዝኩት ሦስት ነገር ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የቆዳ እጥፋት የሚለካ ካሊፐር፣ እና ተንሸራታች እጅ ያለው የጉልበት ቁመት መለኪያ። ሦስተኛው የሌለው ሰው ከአናጢ ስኳድራ ሊበደር ይችላል፤ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ እንዝጋ። «ተሸክመን የእህል ሚዛን ላይ ብናወጣቸውስ?» አለኝ ጎረቤት። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አንድ ጠንካራ ሰው ተሸክሞ ይመዘናል፣ ከዚያ ብቻውን ይመዘናል፣ ልዩነቱ የታማሚው ክብደት ነው። ለቀለለና አጥንቱ ላልተሰበረ ሰው እኔም አድርጌዋለሁ። የተሰበረ ዳሌ ያለውን ሰው ግን ለአንድ ቁጥር ብሎ ማንሳት አይገባም።

በጉልበት ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ሲያረጅ ያጥራል፣ የጀርባ አጥንቱ ይጨማደዳል፣ ይጎብጣል። ስለዚህ የተኛ ሽማግሌ ከራስ እስከ እግር በሜትር ብትለኩት የምታገኙት ቁመት አይደለም፣ የጎበጠው ጀርባና የታጠፈው ጉልበት ድምር ነው። ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ግን አያጥርም። በሃያ ዓመት ያለው ርዝመት በሰማንያም ያው ነው። ስለዚህ ከሱ ተነስቶ ቁመትን ማስላት ይቻላል።

የምንለካው የግራ እግር ነው፤ የምጠቀምበት ቀመር የተሠራው በዚያ ነው። እማሆይ የተሰበረው ቀኙ ስለሆነ ዕድለኛ ነበርኩ። የተሰበረው ግራው ቢሆን ኖሮ ቀኙን እለካ ነበር፤ የተሰበረ እግር ለቀመር ተብሎ አይታጠፍም። በጀርባቸው እንደተኙ ጉልበታቸውን ዘጠና ዲግሪ አጠፍኩት፣ የእግር መዳፋቸውንም እንዲሁ ከቅልጥማቸው ጋር ዘጠና ዲግሪ አቆምኩት። የመለኪያው አንዱ እጅ ከተረከዝ ሥር፣ ሌላው ከጉልበት ሎሚ አምስት ሴንቲ ያህል ወደ ጭን ገባ ብሎ ጭኑ ላይ ያርፋል፣ ዘንጉ ደግሞ ከቅልጥም አጥንት ጋር ትይዩ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እጁን የጉልበት ሎሚው ላይ ያደርጋል፣ ወይም ጉልበቱ በደንብ ሳይታጠፍ ይለካል። የታጠፈበት ማዕዘን ሲሰፋ ቁጥሩ ይዛባል፣ እና ማንም አያውቅም፣ ምክንያቱም የተገኘው ቁጥር የሚታመን ይመስላል።

መሣሪያው ከሌለ አናጢው ሁለት ስኳድራ ያውሳችኋል። አንዱን ከተረከዝ ሥር፣ ሌላውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመካከላቸው በሜትር መለካት ነው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ጥሩም ይሠራል። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ በመካከላቸው ከግማሽ ሴንቲ በላይ ልዩነት ካለ ሁለቱንም ጣሉና እንደገና ጀምሩ። እኔ 46.4 እና 46.6 አገኘሁ፣ 46.5 ብዬ ጻፍኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዕድሜ ነው። እማሆይን ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ብጠይቅ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ። እንዲህ ስለሚሆን እኔ ሁልጊዜ በዘመን ነው የምጠይቀው። «የነመንግሥቱ ንዋይ ግርግር ጊዜ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። «እንዴታ፣ ያኔ ውኃ እቀዳ ነበር፣ አባቴ ከከተማ ሲመጣ ነው የሰማነው።» ውኃ የምትቀዳ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ግርግሩ በታኅሣሥ 1953 ነበር፣ ስለዚህ በ2017 ሰባ ስድስት ይሆናሉ።

ቀመሩን የሠሩት ቹምሊያ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ስልሳ ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ተነስተው። ለሴት እንዲህ ነው፦

```
ቁመት = 84.88 − (0.24 × ዕድሜ) + (1.83 × የጉልበት ቁመት)
ቁመት = 84.88 − 18.24 + 85.10 = 151.7 ሴ.ሜ.
```

አሁን ስለ ዕድሜው እናውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ዕድሜያቸው ካልታወቀ ቀመሩ ምን ይጠቅማል» ብሎ ይተወዋል። አይተውት። ዕድሜያቸውን በአሥር ዓመት ብሳሳት፣ ማለትም ሰማንያ ስድስት ቢሆኑ፣ ቁመቱ የሚቀየረው በሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው። ጉልበቱን በአንድ ሴንቲ ብሳሳት ግን ወደ ሁለት ሴንቲ ይቀየራል። ስለዚህ ለዕድሜው ሳይሆን ለጉልበቱ ነው መጨነቅ ያለብን። ለወንድ ዕድሜው ጭራሽ ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል፤ በቀመራቸው በዓመት የሚቀነሰው 0.04 ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀመሩ የወጣው ከአሜሪካ ሰዎች ነው። ከቁመቱ አንጻር ቅልጥሙ ረዘም ያለ ሰው ከሆነ ቀመሩ ከእውነቱ ረዘም አድርጎ ይነግራችኋል። የአገራችን ሰው ብዙው ቅልጥመ ረጅም ነው፤ እኔም ስለዚህ ያገኘሁትን ቁመት እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ እውነተኛ ቁጥር አላየውም።

ወደ ክንድ ሄድኩ። እዚህ ብርድ ነው፣ እማሆይ ደግሞ ባና፣ ጋቢና ሁለት ሹራብ ደራርበዋል። ቆብ የጫነ ሰው ክንዱን ገልጦ መስጠት ያፍራል፤ ልጃቸውን ነው «አንቺ ግለጪላቸው» ያልኳት፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። በልብስ ላይ የተለካ ክንድ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ይሄን ማለፍ አይቻልም።

ክርናቸውን ዘጠና ዲግሪ አጥፌ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አስተኛሁት። ከትከሻ ጫፍ ካለው አጥንት እስከ ክርን ጫፍ ለካሁ፣ 32 ሴንቲ ሆነ፣ በ16 ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁ። ይሄን ነጥብ ሳያደርጉ በግምት መሃሉ ላይ የሚለኩ አሉ። ክንድ ከላይ ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሁለት ሴንቲ ወደላይ መሳሳት ቁጥሩን ይለውጠዋል። ከዚያ ክንዱን ዘርግቼ መዳፋቸውን ወደላይ አዙሬ፣ ክርናቸው ሥር የታጠፈ ነጠላ አድርጌ ክንዱ ከመደቡ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሜትሩ በሥሩ እንዲያልፍ። ሜትሩ ቆዳውን ነክቶ መቀመጥ አለበት፣ ግን ሥጋውን መጭመቅ የለበትም። የሽማግሌ ሥጋ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ስትስቡት እሺ ብሎ ይገባላችኋል። ሦስት ጊዜ ለካሁ፦ 20.3፣ 20.5፣ 20.4። አማካዩ 20.4።

ይሄ ቁጥር ብቻውን ይናገራል። የአረጋውያንን የምግብ ሁኔታ ለመገምገም በብዙ አገር በሚሠራበት ኤም ኤን ኤ በሚባለው መጠይቅ፣ የላይኛው ክንድ ከ21 ሴንቲ በታች ከሆነ ነጥቡ ዜሮ ነው። ባት ደግሞ ከ31 በታች ከሆነ እንዲሁ። የእማሆይ ባት 27 ሆነ። ግን ባትን ከመለካቴ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ፣ ሁልጊዜም የማደርገው ነው፦ ቅልጥማቸው ላይና ቁርጭምጭሚታቸው አካባቢ አውራ ጣቴን ተጭኜ ቆየሁና ለቀቅሁ። ጉድጓድ ከቀረ ውኃ አለ ማለት ነው። የተኛ ሰው ውኃው ወደ ታች ስለሚወርድ እግር ላይ ብቻ ሳይሆን ወገብ ላይና ጭን ጀርባም ይጠራቀማል፣ እዚያም ተጫንኩ። ምንም የለም። ካለ ኖሮ ባቱን ቁጥር ውስጥ አላስገባውም ነበር። ለምን እንደሆነ በአኃዝ ላሳያችሁ፦ በእብጠት ምክንያት ባት ሦስት ሴንቲ ቢጨምር፣ በቀመሩ ክብደቱ አራት ኪሎ ገደማ ይጨምራል። የሌለ አራት ኪሎ!

ክንድም ያብጣል። በአንድ ጎን ብቻ የሚተኛ ሰው ሥር የቀረው ክንድ ይነፋል። ስትሮክ ያገኘው ሰው ደግሞ ሽባ የሆነው ክንድ ይሰልላል። ደህናው ጎን ላይ ነው መለካት ያለባችሁ።

ከዚህ በኋላ ካሊፐሩ መጣ፣ ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው። እማሆይን በቀኝ ጎናቸው ለማዞር ትራስ በእግራቸው መካከል አድርገን፣ ልጃቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ቀስ አልን። ስንዞር ነው ወገባቸው ላይ የጀመረውን የአልጋ ቁስል ያየሁት፤ ትንሽ ነው፣ ቀይ ብሎ ቆዳው ተልጧል። ለክብደት ብዬ ባላዞራቸው ማን ያየው ነበር? ይሄን በጎን ላስቀምጥ።

የክንድ ጀርባ ላይ፣ ከነጥቡ አንድ ሴንቲ ከፍ ብዬ፣ ቆዳውንና ሥሩ ያለውን ስብ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥሬ ከጡንቻው ለየሁት። ካሊፐሩን ነጥቡ ላይ አሳርፌ፣ ጣቴን ሳልለቅ፣ ሦስት ሰከንድ ቆጥሬ አነበብኩ። ቶሎ ካነበባችሁ ቁጥሩ ይበዛል፣ ከቆያችሁ ስቡ እየተጨመቀ ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል፤ የሽማግሌ ቆዳ ላላ ስለሆነ በተለይ። ስለዚህ ቢሆንም ባይሆንም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጊዜ መቁጠር ነው ዋናው። ጡንቻው ከተቆነጠጠው ጋር ገብቶ እንደሆነ የምታውቁት፣ ሰውየው ክርኑን ትንሽ ሲያጥፍ ከጣታችሁ ውስጥ የሚጎተት ነገር ካለ ነው። 9፣ 8፣ 10 ሚሊሜትር አገኘሁ፣ አማካዩ 9። ከጀርባ ደግሞ፣ ከትከሻ ሰፊው አጥንት የታችኛው ጫፍ ሥር ሰያፍ አድርጌ፣ 8 ሚሊሜትር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ካሊፐር ሲጠፋ የብረታ ብረት ቤት ቨርኒየር ይጠቀማሉ። አትጠቀሙ። የቆዳ ካሊፐር ስፕሪንግ አለው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ግፊት ያሳርፋል፤ ቨርኒየሩ ግን የጫናችሁትን ያህል ነው የሚያነብላችሁ። ካሊፐር ከሌለ ክንዱን ብቻ ለክታችሁ መሄድ ይሻላል።

አሁን ክብደቱ። እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ለማይራመዱ አረጋውያን ሌላ ቀመር አወጡ። ለሴት፦

```
ክብደት = (1.27 × ባት) + (0.87 × የጉልበት ቁመት)
       + (0.98 × ክንድ) + (0.4 × የጀርባ እጥፋት) − 62.35
ክብደት = 34.3 + 40.5 + 20.0 + 3.2 − 62.35 = 35.6 ኪ.ግ.
```

ባት፣ ጉልበትና ክንድ በሴንቲሜትር ናቸው፣ የጀርባ እጥፋቱ ብቻ በሚሊሜትር ነው። ይሄን ማምታታት ትልቅ ስህተት ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ካርዱ ላይ 50 ነበር። ቀመሩ 35.6 አለ። ልጃቸው አላመነችም። «አልጋው ላይ ሲታዩ ይከብዳሉ እኮ» አለች። ሲያዞሯቸው ይከብዳሉ፣ ምክንያቱም ራሳቸውን አይረዱም፤ የማይተባበር ሰውነት ከክብደቱ በላይ ይከብዳል።

ግን 35.6 ብዬ ካርዱ ላይ አልጻፍኩም፤ ይሄን ማስረዳት እፈልጋለሁ። የቀመሩ ስህተት ለሴት ወደ 3.8 ኪሎ ነው። ይሄ ማለት ከሦስት ሰው ሁለቱ የሚያርፉት ከ31.8 እስከ 39.4 መካከል ነው፤ አንዱ ደግሞ ከዚያ ውጭ ይሆናል። ስፋቱን ሁለት እጥፍ ብንወስድ፣ ማለትም ከ28 እስከ 43፣ ከሃያ አሥራ ዘጠኙ ውስጡ ይገባሉ። ያም የአሜሪካ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የጻፍኩት «35 ገደማ፣ በቀመር፣ ከ28 እስከ 43» ነው። ከዚያ ቀጥዬ ይሄ ስፋት ውሳኔዬን ይለውጠዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በ50 ኪሎ የተሰላ መድኃኒት እየተሰጣቸው ቢሆን፣ 50ው ከላይኛው ጫፍ፣ ከ43 እንኳ ይበልጣል፣ ስለዚህ ይለወጣል። ከቁመቱ ጋር ሳመጣጥነው፣ ክብደትን በሜትር በተለካ ቁመት ሁለቴ አካፍለን የምናገኘው ቢኤምአይ፣ 15.5 ሆነ። የ43 ኪሎው ጫፍ ብቻ ነው 18.7 ላይ የሚደርሰው፣ ከዝቅተኛው ወሰን ከ18.5 ለጥቂት ከፍ የሚለው። ያንን አንድ ጫፍ ደግሞ ክንዱ ራሱ ይቃወመዋል፤ 20.4 ሴንቲ ክንድ ያለው ሰው ደህና አይደለም። ለዚህ ነው ክንድን ቀመር ውስጥ ከማስገባት ባሻገር ለብቻውም የማነበው። ቀመሩ ሲያመነታ ክንዱ ይመሰክራል።

ስለዚህ አሁን ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው።

ልጃቸው ስትነግረኝ፣ እማሆይ በጾሙ ምክንያት ቀድሞም እየቀነሱ ነበር፣ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ ጠበልና ጥቂት የተልባ ውኃ ካልሆነ ምንም አልቀመሱም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ በዚያው ቀን ከሰዓት ደረሰ፣ ሙክት ይዞ፣ ቅቤ ይዞ። «እናቴ ሲራቡ ዝም ብለን ልናይ ነው?» አለ። የነፍስ አባታቸውም ታመዋልና ይፈቀድላቸዋል ብለው ነበር። ሁሉም ከፍቅር ነው። እና እኔ ነኝ ክፉው፣ «ቆዩ» ያልኩት።

ብዙ ቀን ያልበላ ሰውነት ሥራውን ቀይሮ ይኖራል፣ ስብ እየቀለጠ። በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ ሰውነቱ ኢንሱሊን ይለቃል፣ በደም ውስጥ የቀረው ትንሽ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በአንድ ጊዜ ወደ ሕዋሳት ይገባል፣ ደሙ ይራቆታል። ልብ ይዛባል፣ ትንፋሽ ይዳከማል። የሚሞተው ሰው በረሃብ አይደለም፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ድግስ ነው። የብሪታኒያ የጤና መመሪያ ናይስ ከሚያስቀምጣቸው ምልክቶች አንዱ ብቻ ሲገኝ አደጋው ከፍተኛ ነው ይላል፣ ከነሱም ቢኤምአይ ከ16 በታች መሆንና ከአሥር ቀን በላይ ምንም ያህል አለመብላት አሉበት። እማሆይ ሁለቱንም አሟልተዋል።

አሁን 50 እና 35 የሚለያዩበትን ተመልከቱ። የተኛ ሰው በኪሎ 30 ካሎሪ ይፈልጋል ብለን በ50 ብናሰላ በቀን 1500 ካሎሪ ነው፣ ቤተሰቡም ሊሰጥ ያሰበው ከዚያ አያንስም። ለዚህ ዓይነት ሰው መመሪያው የሚለው ግን ቢበዛ በኪሎ 10 ካሎሪ ጀምሩ ነው። በ35.6 ሲባዛ 356 ካሎሪ። ከግማሽ ሊትር ወተት ብዙም አይበልጥም! ከዚያ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ ምግብ ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ይሰጣል፣ በየቀኑ ፖታሲየምና ሌላው ይለካል። ይሄ መደብ ላይ የሚሆን አይደለም። ሐኪም ጋ ደውዬ ልኬቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት፣ «50» የሚለውን አልጠቀስኩም። በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በመኪና ሄዱ፣ ዘጠኝ ቀን ተኙ።

ወንድምየው ሙክቱን አላረደም። ለፋሲካ ይቆይ አለ።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ተመልሼ ደግሜ ለካኋቸው፤ ያው ሜትር፣ ያው ካሊፐር፣ ያው ግራ እጅ፣ ያው እኔ። ሰው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፣ በተለይ በካሊፐር፤ ሁለት ሰው አንድን ክንድ ሲለካ የሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። ፊታቸው ሞልቷል፣ ቁስሉ ደርቋል። ክንዳቸው 20.9 ሆነ። ልጃቸው «ጨመሩ!» ብላ እልል አለች። በቀመሩ ክብደታቸው ወደ 37 ወጣ፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያነሰ ጭማሪ ነው፣ ያም ከቀመሩ ስህተት ውስጥ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ያንን ቁጥር ብቻ ይዤ ጨመሩ ማለት አልችልም።

የክንድ ጀርባ እጥፋቱ ግን 13 ሆነ፣ ከ9። እዚህ ላይ ነው ሜትሩና ካሊፐሩ አንድ ላይ የሚጠቅሙት። ክንድ ማለት አጥንት፣ ዙሪያው ጡንቻ፣ ዙሪያው ስብ ነው። ከክንዱ ዙሪያ የስቡን ድርሻ ስናነሳ የሚቀረው የጡንቻው ዙሪያ ነው (እጥፋቱ መጀመሪያ ወደ ሴንቲ ይቀየራል)፦

```
የጡንቻ ዙሪያ = ክንድ − (3.14 × እጥፋት)
መጀመሪያ፦ 20.4 − (3.14 × 0.9) = 17.6 ሴ.ሜ.
ከስምንት ሳምንት በኋላ፦ 20.9 − (3.14 × 1.3) = 16.8 ሴ.ሜ.
```

ክንዱ ወፈረ፣ ጡንቻው ቀጠነ። የገባው ምግብ ስብ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሥጋው ግን መሄዱን አላቆመም። ባታቸውም ከ27 ወደ 26.5 ወርዷል፣ ያም አብሮ ይመሰክራል። እጥፋቱን በሁለት ሚሊሜትር ተሳስቼ ቢሆን እንኳ የጡንቻው ዙሪያ የሚለወጠው በ0.6 ገደማ ነው፣ ጨመረ ለማለት አይበቃም። ለዚህ ነው ሚዛን ቢኖር እንኳ ብቻውን የማላምነው፤ ሚዛን ኪሎ ይላል፣ የምን ኪሎ እንደሆነ አይልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አልጋ ላይ የተኛ እግር ምንም ያህል ቢበላ ጡንቻ አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ያስተማርኳት ስለ ምግብ አይደለም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ግራ እግራቸውን ራሳቸው ወደላይ እንዲያነሱ፣ ክንዳቸውን ውኃ የሞላች የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው እንዲያጥፉ ማድረግ ነው። በጾም ቀን ከሽሮው ውስጥ ባቄላና ምስር እንዲጨመር፣ ከጾም ውጭ እንቁላል። እማሆይ ጠርሙሱን ሲያዩ ሳቁ፦ «አሁን በዚህ ዕድሜ ወታደር ልታደርገኝ ነው?»

ባቱ በሚቀጥለው ወር ይታያል። ሜትሩን እዚያው ቤት ትቼዋለሁ፣ ነጥቡንም ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ እያደሰች እንድትቆይ ነግሬያታለሁ።